የጣናን ተፋሰስ ከሀገሩ የከፍታ ካርታ ቆርጦ ማውጣት

የጣና ሐይቅ ተፋሰስ፣ ሐይቁን ራሱን ጨምሮ፣ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ 1.5 በመቶ እንኳ አይሞላም። የርብን ወይም የጉማራን ጎርፍ ሊያጠና የተነሳ ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ እጁ የሚገባው መላ ሀገሪቱን የያዘ የከፍታ መረጃ ነው። ፋይሉን ሲከፍት ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፤ ቁልቁለት አስላ ሲለው ስለ ኦጋዴንና ስለ አፋር ጭምር ያሰላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ተፋሰሱን ከሀገሩ ላይ ቆርጦ ማውጣት ይሆናል። ሥራው ጥቂት መስመር ትእዛዝ ጽፎ የሚያልቅ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ በስህተት የተቆረጠ ካርታም ልክ እንደ ትክክለኛው አምሮ ይወጣል።

ራስተር የሚባለው የመረጃ ዓይነት ባለ ስኩዌር ደብተር ይመስላል። እያንዳንዷ ካሬ፣ ማለትም ፒክስል፣ አንድ ቁጥር ትይዛለች። በከፍታ ራስተር ላይ ያ ቁጥር መሬቱ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ይናገራል። በስፋት ከሚሠራባቸው የከፍታ መረጃዎች አንዱ ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ለ11 ቀናት ምድርን እየዞረች በራዳር የለካችው ነው። ኤስአርቲኤም ይባላል። መረጃው አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ በሆኑ ቁራጮች ተከፋፍሎ ይሰጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ በወርድም በቁመትም 3,601 ፒክስል ሲኖረው፣ አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 30 ሜትር ገደማ ይሸፍናል።

ኢትዮጵያን የሚያቅፈው አራት ማዕዘን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ይህ ቢበዛ 180 ቁራጭ ይሆናል። ሁሉም ተገጣጥመው አንድ ፋይል ቢሆኑ 2.3 ቢሊዮን ያህል ፒክስል ይወጣቸዋል፤ እያንዳንዱ ፒክስል ሁለት ባይት ስለሚወስድ ፋይሉ ሳይጨመቅ 4.7 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። ተራው የቲፍ ፋይል ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ መያዝ አይችልም።

ይህን መጠን የሚችለው መሣሪያ ጂዳል ይባላል። ካናዳዊው ፍራንክ ዋርመርዳም በ1998 መጻፍ የጀመረው፣ ዛሬ ማንም በነፃ የሚወስደው ሶፍትዌር ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጠቀምበታል። በኪውጂአይኤስ ውስጥ ራስተርን በወሰን የሚቆርጠውን መስኮት የሚከፍት ሰው በተግባር የሚያስነሳው የጂዳልን ትእዛዝ ነው፤ መስኮቱ ግርጌም ትእዛዙ ተጽፎ ይታያል። ትእዛዙን ራስ ጽፎ ማስነሳት ሁለት ጥቅም አለው። ኮምፒውተሩ ካርታውን ስክሪን ላይ ለመሳል አይደክምም። ከዚያ ይበልጥ ደግሞ የተሠራው ነገር በጽሑፍ ስለሚቀር ሌላ ሰው አንብቦ ሊያርመው ይችላል።

ቁራጮቹን ለማገጣጠም 4.7 ጊጋባይት መጻፍ አያስፈልግም። ጂዳል የትኛው ቁራጭ የት ቦታ እንደሚገባ ብቻ የሚመዘግብ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያዘጋጃል፤

```
gdalbuildvrt ethiopia.vrt srtm/*.hgt
```

ይህ ፋይል በኪሎባይት የሚለካ ሆኖ ሳለ ለሌሎቹ ትእዛዞች ግን እንደ አንድ ትልቅ ራስተር ያገለግላል። በውስጡ ያለው የቁራጮቹ አድራሻ ብቻ ስለሆነ የ`srtm` አቃፊ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ ባዶ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚታየው ወሰኑ ነው። ብዙው ስህተት የሚጀምረውም እዚህ ነው። ወሰኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሼፕፋይል ነው፤ ሼፕፋይል በስም አንድ ይባል እንጂ አንድ ስም የሚጋሩ የበርካታ ፋይሎች ስብስብ ነው። ከእነዚህ መካከል መጨረሻው `.prj` የሆነው ኮኦርዲኔቶቹ በየትኛው መለኪያ እንደተጻፉ ይናገራል። ፋይሉ በኢሜይልና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቶሎ የሚጠፋው ደግሞ ይኸው ነው። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ወሰኑን መጠየቅ ያሻል፤

```
ogrinfo -so -al tana.shp
```

መልሱ ውስጥ `Extent` የሚለው መስመር ብዙ ይናገራል። የጣና ተፋሰስ ኮኦርዲኔት በዲግሪ ከሆነ ቁጥሮቹ ከ36.7 እስከ 38.3፣ ከ10.9 እስከ 12.8 አካባቢ ይሆናሉ። በሜትር፣ ማለትም በዩቲኤም ዞን 37፣ ከሆነ ደግሞ ከ253,000 እስከ 418,000፣ ከ1,210,000 እስከ 1,410,000 አካባቢ ይወጣሉ። ዲግሪና ሜትርን ማምታታት ብዙም አያስፈራም፤ ወሰኑ ከካርታው ውጭ ስለሚወድቅ ውጤቱ ባዶ ይሆንና ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል።

የሚያስፈራው ሁለቱም በሜትር ሲሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የተሠሩ ብዙ ካርታዎች አዲንዳን በተባለ መነሻ ላይ የቆሙ ናቸው። ስሙ በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ጣቢያ የተወሰደ ነው። ሳተላይቶችና የስልክ ጂፒኤስ የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ነው። አንድ ቦታ በሁለቱ መነሻዎች የሚኖረው የዩቲኤም ቁጥር ኢትዮጵያ ውስጥ 200 ሜትር ያህል ይራራቃል። ቁጥሮቹ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ባለ ስድስትና ባለ ሰባት አሃዝ ናቸው። `.prj` ከሌለ ጂዳል ወሰኑ በውጤቱ ፋይል መለኪያ የተጻፈ ነው ብሎ ይገምታል፤ አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ይጽፍና ሥራውን ይጨርሳል። ማስጠንቀቂያውን ያላነበበ ሰው ወሰኑ በስድስት ሰባት ፒክስል የተንሸራተተ ካርታ ይዞ ይቀጥላል። ለመላው ተፋሰስ አማካይ ከፍታ ይህ ብዙ ላይለውጥ ይችላል። በሐይቁ ዳርቻ በሚገኝ የእርሻ ማሳ ላይ ግን ውኃውን መሬት፣ መሬቱን ውኃ ያደርጋል።

መፍትሔው ወሰኑን ካዘጋጀው አካል መለኪያውን ጠይቆ ማረጋገጥ፣ ከዚያም በፋይሉ ላይ መጻፍ ነው። አዲንዳን ዩቲኤም 37 መሆኑ ከታወቀ ትእዛዙ ይህ ነው፤

```
ogr2ogr -a_srs EPSG:20137 tana.gpkg tana.shp
```

እዚህ ላይ `-a_srs` ቁጥሮቹን አይነካም፤ የጎደለውን ስም ብቻ ይሰጣቸዋል። `-t_srs` ደግሞ ቁጥሮቹን ራሳቸውን ወደ ሌላ መለኪያ ይቀይራል። ሁለቱን ማምታታት ጀማሪን ቀርቶ ልምድ ያለውንም ያስታል። መለኪያው ያልታወቀ ፋይል ስም ያስፈልገዋል፤ መለኪያው የታወቀ ፋይል ግን በሌላ መለኪያ ከተፈለገ ይቀየራል። አዲሱ ፋይል በጂዮፓኬጅ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ጂዮፓኬጅ ሁሉንም በአንድ ፋይል ስለሚይዝ መለኪያው ተነጥሎ አይጠፋም።

መቁረጡ ራሱ እንግዲህ በዚህ ትእዛዝ ይፈጸማል፤

```
gdalwarp -cutline tana.gpkg -crop_to_cutline \
  -t_srs EPSG:32637 -tr 30 30 -tap \
  -r bilinear -dstnodata -32768 \
  -co COMPRESS=DEFLATE -co TILED=YES \
  ethiopia.vrt tana_dem.tif
```

በመስመሮቹ መጨረሻ ያለው ጭረት ትእዛዙ ወደ ቀጣዩ መስመር እንደሚቀጥል ያመለክታል፤ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ሰው ጭረቱን ትቶ ሁሉንም በአንድ መስመር ይጽፈዋል። `-cutline` የሚቆረጥበትን ወሰን ይጠቁማል። ከወሰኑ ውጭ ያለው ሁሉ ይሰረዛል፤ ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን ፋይሉን አያሳንሰውም። `-crop_to_cutline` ካልተጨመረ የሚወጣው የመላ ኢትዮጵያ ስፋት ያለው፣ ከጣና በቀር ባዶ የሆነ ግዙፍ ራስተር ነው። የወሰኑ ፋይል የአባይን ንዑስ ተፋሰሶች በሙሉ የያዘ ከሆነ ደግሞ ጂዳል ሁሉንም ደምሮ ይቆርጣል። ጣናን ብቻ ለመምረጥ `-cwhere "NAME='Tana'"` ይጨመራል፤ `NAME` የሚለው ቦታ በፋይሉ ውስጥ ስሞቹ የተጻፉበት ዓምድ ይገባበታል።

ዋናው የከፍታ መረጃ በዲግሪ ስለሆነ ስፋትና ቁልቁለት ለማስላት አይመችም። `-t_srs EPSG:32637` ወደ ሜትር ይቀይረዋል። ወሰኑ በአዲንዳን፣ የከፍታው መረጃ በዲግሪ መሆኑ ችግር አይፈጥርም፤ ሁለቱም መለኪያቸው እስከተጻፈ ድረስ ጂዳል ራሱ ያስማማቸዋል። `-tr 30 30` የፒክስሉን ስፋት 30 ሜትር ያደርገዋል፤ `-tap` ደግሞ የፒክስሎቹ ጠርዝ በ30 ብዜት ላይ እንዲያርፍ ያስገድዳል። ይህች ትንሽ ቃል በብዙ ትእዛዝ ውስጥ ትዘነጋለች፤ ዋጋዋ የሚታወቀው በኋላ ነው። ለዚያው ተፋሰስ የመሬት ሽፋንም በዚሁ መንገድ ሲቆረጥ የሁለቱ ፋይሎች ፒክስሎች አንዱ በሌላው ላይ ልክ ይገጥማሉ። እሷ ከሌለች ግን በግማሽ ፒክስል ሊዛነፉ ይችላሉ።

`-dstnodata -32768` ምናልባት ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ክፍል ነው። የተፋሰስ ቅርጽ ጠማማ ነው፤ የራስተር ፋይል ግን ሁልጊዜ አራት ማዕዘን ነው። የጣናን ተፋሰስ የሚያቅፈው አራት ማዕዘን 165 ኪሎ ሜትር በ200 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 33,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተፋሰሱ ከዚህ ውስጥ ግማሹን አይሞላም። የቀረው ከግማሽ በላይ የሆነ ቦታ አንድ ቁጥር መያዝ አለበት፤ ያም ቁጥር ‘እዚህ መረጃ የለም’ ማለት እንደሆነ ፋይሉ ላይ መጻፍ ይኖርበታል። ዋናው መረጃ እንዲህ ያለ ቁጥር ካልተጻፈበት፣ ትእዛዙም ዝም ካለ፣ ጂዳል ከወሰን ውጭ ያለውን ቦታ በዜሮ ይሞላዋል። ዜሮ ደግሞ ለከፍታ እውነተኛ ቁጥር ነው፤ የባሕር ጠለል ማለት ነው።

ይህ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። የተፋሰሱ አማካይ ከፍታ 2,000 ሜትር ቢሆንና ተፋሰሱ ከአራት ማዕዘኑ 45 በመቶ ቢይዝ፣ ዜሮዎቹ ገብተው የሚሰላው አማካይ 900 ሜትር ይሆናል። ጣና በቆላ ወረደ ማለት ነው። ካርታው ግን በስክሪን ላይ ምንም ጉድለት አይታይበትም፤ ዙሪያው ጥቁር ከመሆኑ በቀር።

እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያጋልጠው ውጤቱን መጠየቅ ነው፤

```
gdalinfo -stats tana_dem.tif
```

ጣናን የሚያውቅ ሰው መልሱን ከሚያውቀው መሬት ጋር ያመሳክረዋል። ከተፋሰሱ ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ሐይቁ ራሱ ነው፤ የውኃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ `STATISTICS_MINIMUM` በ1,780ዎቹ ውስጥ መሆን አለበት። ዜሮ ከሆነ ከወሰን ውጭ ያለው ቦታ እንደ መሬት ተቆጥሯል። ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ወሰኑ ከባሕር ዳር ቁልቁል የአባይን ሸለቆ ይዞ ወርዷል ማለት ነው።

ከላይ ደግሞ ጉና አለ። ርብና ጉማራ የሚነሱበት ይህ ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ሲሆን በተፋሰሱ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ይገኛል። ከፍተኛው ቁጥር ከዚህ በብዙ ካነሰ ሊጠረጠር የሚገባው አንድ የጎደለ ቁራጭ ነው። ቁራጮቹ የሚሰየሙት በደቡብ ምዕራብ ማዕዘናቸው ስለሆነ ጉና ያለው `N11E038` በተባለው ውስጥ ነው። ያ ቁራጭ ሳይወርድ ቀርቶ ከሆነ `gdalbuildvrt` ቅሬታ አያሰማም፤ በቦታው ባዶ ይተዋል። ማንም ሳያስተውል ተፋሰሱ ጉናን ያጣል።

ሦስተኛው ማመሳከሪያ ስፋት ነው። `STATISTICS_VALID_PERCENT` ከፋይሉ ፒክስሎች ስንት በመቶው እውነተኛ ቁጥር እንደያዙ ይናገራል። ፋይሉ 5,500 በ6,700 ፒክስል ቢሆንና 45 በመቶው ቁጥር ያለው ቢሆን፣ 16.6 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይሆናል። አንዱ ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ስለሆነ ድምሩ ከ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ያነሰ ይወጣል፤ ጤናማ ውጤት ነው። 33,000 ከወጣ አልተቆረጠም፤ 13,000 ከወጣ የጎደለ አለ። ፋይሉም ሳይጨመቅ 74 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ ማንኛውም ላፕቶፕ የሚችለው ነው።

ከትእዛዙ የቀረው `-r bilinear` ነው። ካርታው ከዲግሪ ወደ ሜትር ሲቀየር አዲሶቹ ካሬዎች በአሮጌዎቹ ላይ በትክክል ስለማያርፉ ለእያንዳንዱ ቁጥር መፈለግ ግድ ይሆናል። `bilinear` በዙሪያው ካሉት አራት ፒክስሎች አማካይ ይወስዳል። ለከፍታ ይህ ተገቢ ነው፤ በ2,000 እና በ2,010 ሜትር መካከል 2,005 ይኖራል። ምንም ካልተጻፈ ጂዳል የሚመርጠው `near` የቅርቡን ፒክስል ቁጥር እንዳለ ይቀዳል። ያ በከፍታ ላይ ሲደረግ ቁልቁለቱ ሲሰላ ደረጃ ደረጃ የመሰሉ መስመሮች ይወጣሉ።

የመሬት ሽፋን ሲቆረጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ለ2020 እና ለ2021 ባወጣው የዓለም የመሬት ሽፋን ካርታ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል የያዘው የዓይነት መለያ ነው። ዛፍ 10፣ ቁጥቋጦ 20፣ ሣር 30፣ እርሻ 40 ተብለው ተሰይመዋል። የከፍታውን ትእዛዝ ገልብጦ ፋይሉን ብቻ ለውጦ ያስነሳ ሰው በጫካና በሣር ድንበር ላይ የ10 እና የ30 አማካይ፣ ማለትም 20 ያገኛል። በየጫካው ዙሪያ በመሬት ላይ የሌለ ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ጥናቱም ቁጥቋጦ ጨመረ ብሎ ይጽፋል። 20 ሕጋዊ መለያ ስለሆነ የትኛውም ፍተሻ አይይዘውም። ይህን የሚያውቀው በአንድ አቃፊ ውስጥ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን የከፈተ ሰው ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ መረጃ `-r near` ነው የሚሆነው፤ 10 ሜትሩን ፒክስል ወደ 30 ለማሳደግ ከሆነም በብዛት የታየውን የሚመርጠው `-r mode`። ከወሰን ውጭ ያለውም በ`-dstnodata 0` ይሞላል፤ ዜሮ በዚህ ካርታ ላይ የመሬት ዓይነት አይደለምና።

አንዳንዴ ትእዛዙ ጨርሶ አይነሳም። ጂዳል `Cutline polygon is invalid` ብሎ ካቆመ የወሰኑ መስመር የሆነ ቦታ ራሱን አቋርጧል፤ በእጅ በተሳሉ ወሰኖች ላይ የተለመደ ነው። `ogr2ogr` ላይ `-makevalid` ጨምሮ ወሰኑን እንደገና መጻፍ ብዙውን ያስተካክላል። ያን ፋይል ከፍቶ ቅርጹ እንዳልተለወጠ ማየት ግን አይቀርም። ትእዛዙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ የቀድሞው ውጤት ስላለ እምቢ ካለም `-overwrite` ይጨመርለታል።

በጠርዙ ላይ ያሉ ፒክስሎች ነገርም አለ። ወሰኑ በፒክስሉ መካከል ሲያልፍ ጂዳል የሚወስነው በማዕከሉ ነው፤ ማዕከሉ ውስጥ ከሆነ ይቀራል፣ ውጭ ከሆነ ይሰረዛል። ለ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይህ የሚያሳስብ አይደለም። ለአንድ ሄክታር ማሳ ግን ሌላ ነው፤ በ30 ሜትር ፒክስል ማሳው በሙሉ 11 ያህል ፒክስል ስለሆነ ከእነሱ አብዛኞቹ ጠርዝ ላይ ናቸው። ወሰኑ የነካውን ሁሉ ለማስቀረት `-wo CUTLINE_ALL_TOUCHED=TRUE` አለ። ያን ጊዜ ስፋቱ ከእውነተኛው በልጦ እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲያውም ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቦታ የተሻለው መንገድ ፒክስሉ ያነሰ መረጃ መፈለግ ነው።

በ2025 የወጣው 3.11 የተባለው የጂዳል እትም `gdal raster clip` የሚል አዲስ ትእዛዝ ይዞ መጥቷል። የመጀመሪያዎቹን ፒክስሎች ሳይነካ ለመቁረጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አጭር ነው። መለኪያ መቀየርም ለሚፈልግ `gdalwarp` አሁንም ዋናው መንገድ ነው።

ወሰን የምታዘጋጁ፣ የምትልኩና የምታካፍሉ ሁሉ፣ ፋይሉን በጂዮፓኬጅ ላኩ፤ ሼፕፋይል ከሆነም `.prj` መኖሩን ሳታዩ አትላኩ። የተቆረጠ ካርታ የምትሰጡ ደግሞ ካርታውን ያወጣውን ትእዛዝ በጽሑፍ ፋይል አድርጋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ የሚረከባችሁ ሰው አዲንዳን ይሁን ደብሊውጂኤስ፣ `bilinear` ይሁን `near` የሚያውቀው ከዚያ ብቻ ነው።